ዓምዱ የት ነው? የፒዲኤፍ ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል ሲሻገር

ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ፣ በመካነ ሰላም የቦረና ወረዳን የክትባት ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያም ሆነ ስለ ወግዲና ከላላ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የሕዝብ ቁጥር ሲያስፈልገው የሚመለሰው ወደዚያው ቆጠራ፣ ወይም በእሱ ላይ ተመሥርቶ ወደተሠራ ትንበያ ነው። በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሆነው መሥሪያ ቤት የቆጠራውን ውጤት በየክልሉ በጥራዝ አውጥቶታል፤ ለብዙው ተጠቃሚ የሚደርሰውም በፒዲኤፍ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ባለፉት ዓመታት በየቢሮው፣ በየተማሪው ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ ኖሯል።

በዚህ ግልበጣ ላይ የሚደርሰው ችግር ሦስት መልክ አለው። ሁለት ዓምዶች አንድ ላይ ይጣበቃሉ፣ አንዱ ዓምድ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ወይም ቁጥሩ ሳይጎድልና ሳይበላሽ ወደ ጎረቤቱ ዓምድ ይንሸራተታል። ሦስቱ በአንድ ስም «ተዘበራረቀ» ይባሉ እንጂ መንስኤያቸውም አደጋቸውም የተለያየ ነው። የተጣበቀና የተሰነጠቀ ዓምድ ዓይን ይስባል። የተንሸራተተው ግን ትክክለኛ መስሎ ይቀመጣል፤ ይህ ዳሰሳም ይበልጥ የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው።

ፒዲኤፍ ዓምድ አያውቅም

አዶቤ ፒዲኤፍን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ መልኩን ሳይለውጥ እንዲታይ ማድረግ ነበር። በመሆኑም ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው «ይህን ጽሑፍ እዚህ ቦታ ላይ ሣል» የሚል ትእዛዝ ነው። ሠንጠረዥ፣ ረድፍና ሴል የምንላቸው ነገሮች በዓይናችን የምንገነባቸው ናቸው። የአንድ ረድፍ ሁለት ቁጥሮች በፋይሉ ውስጥ ይህን ይመስላሉ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው።

```
BT /F1 8 Tf 1 0 0 1 172.4 512.6 Tm (42,050) Tj ET
BT /F1 8 Tf 1 0 0 1 208.4 512.6 Tm (42,160) Tj ET
```

የመጀመሪያው መስመር «በ8 ነጥብ ፊደል፣ ከገጹ ግራ ጠርዝ 172.4፣ ከታች 512.6 ነጥብ ርቀህ 42,050 ብለህ ጻፍ» ይላል። አንድ ነጥብ የኢንች 72ኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የወንዶች፣ ሁለተኛው የሴቶች መሆኑን የሚናገር ነገር የለም። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የፒዲኤፍ እትም የሠንጠረዥን መዋቅር በምልክት ማስፈር ተችሏል፤ ነገር ግን ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ምልክቱን ካላስገባ ጥቅም አይሰጥም። አሮጌ የስታቲስቲክስ ጥራዞችን የሚገለብጥ ሰው ምልክት አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ሲገለበጥ ስሞቹ ወደ ላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ይለወጣሉ። ያ የፊደል ኮድ በሽታ ነው፤ ከዓምድ ጋር አይገናኝም። ስሙ የማይነበብ ሆኖ ቁጥሩ በሙሉ በየቦታው ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ጥርት ብሎ ተነብቦም ቁጥሩ በሙሉ ሊንሸራተት ይችላል። በስካን የተነሣ ገጽ ደግሞ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ በውስጡ ምስል እንጂ ፊደል ስለሌለ በመጀመሪያ ፊደል የሚለይ ሶፍትዌር ይፈልጋል። ከዚህ በታች የሚነገረው በመዳፊት ሲጎተት ጽሑፉ ስለሚመረጥ ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

መስመርን የሚያምኑና ክፍተትን የሚያምኑ

የጠፋውን ዓምድ መልሶ ለማግኘት ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው በገጹ ላይ የተሰመሩትን መስመሮች ይከተላል፤ ሁለተኛው በጽሑፎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ። በጋዜጠኞች ሥራ ውስጥ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው ታቡላ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሁለቱንም ይዟል፤ የመጀመሪያው `Lattice`፣ ሁለተኛው `Stream` በሚሉ ስሞች ይታያል። በኋላ የመጣው ካሜሎትም እነዚሁን ስሞች ይጠቀማል።

መስመር ባለበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው መንገድ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ብዙ የስታቲስቲክስ ጥራዞች ከራስጌው በላይና በታች አግድም መስመር አስምረው ቁጥሮቹን ያለ ቋሚ መስመር ይተዋቸዋል። እንዲህ ባለው ገጽ ላይ `Lattice` ሲታዘዝ ዓምዶቹን መለየት አይችልም። ስለዚህ ምንም ካልመጣ ወይም ሁሉም ነገር በአንድ ዓምድ ከመጣ ሶፍትዌሩን ከመለወጥ በፊት መንገዱን መለወጥ ይቀድማል።

የክፍተት መንገድ ደግሞ የሚወሰነው «ምን ያህል ባዶ ቦታ ዓምድን ይለያል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ከላይ ባሳየነው ረድፍ እንለካው። በተለመደው የታይምስ ፎንት፣ በ8 ነጥብ መጠን፣ አንድ አኃዝ 4 ነጥብ፣ ኮማ 2 ነጥብ ስፋት አለው። 42,050 አምስት አኃዝና አንድ ኮማ ስለሆነ 22 ነጥብ ይይዛል፤ ከ172.4 ተነሥቶ 194.4 ላይ ያልቃል። ቀጣዩ ቁጥር የሚጀምረው 208.4 ላይ በመሆኑ መካከላቸው 14 ነጥብ ባዶ ነው። ይህ ሰፊ ነው፤ ማንም አይሳሳተውም።

አሁን በዚያው ገጽ ወደ ዞኑ ድምር ረድፍ እንሂድ። በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2,518,862 ሕዝብ ነበረው፤ 1,248,698 ወንድ፣ 1,270,164 ሴት። ቁጥሮች በቀኝ ጠርዛቸው ስለሚሰለፉ ረዘም ያለው ቁጥር ወደ ግራ ይገፋል። 1,270,164 ስፋቱ 32 ነጥብ ስለሆነ 198.4 ላይ ይጀምራል፤ የወንዶቹ ቁጥር ግን እንደ ሌሎቹ 194.4 ላይ አልቋል። የቀረው ክፍተት 4 ነጥብ ብቻ ነው። በዚሁ ፎንት በሁለት ቃላት መካከል የሚገባው ባዶ ቦታ ደግሞ 2 ነጥብ ያህል ነው።

ችግሩ ሁሉ ያለው በ4 እና በ2 መካከል ነው። ሶፍትዌሩ ጠባብ ክፍተትንም እንደ ዓምድ ወሰን ከቆጠረ «መካነ» አንድ ዓምድ፣ «ሰላም» ሌላ ዓምድ ይሆናሉ። ሰፋ ያለ ክፍተት ካላገኘ አይለይም ቢባል የዞኑ ወንዶችና ሴቶች ተጣብቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ከሁለቱ አንዱን ለማዳን የሚደረግ ማስተካከያ ሌላውን ይጎዳል። ጥሩ ሶፍትዌሮች አንዱን ረድፍ ለብቻው ሳይሆን የገጹን ረድፎች በአንድነት እያዩ የሚገምቱት ለዚህ ነው። በዚህ አካሄድ ግን ራስጌው ያስቸግራል። «ከተማና ገጠር» የሚለው ሰፊ ርዕስ ከሦስት ዓምዶች በላይ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ሶፍትዌሩ ከሥሩ ያሉትን ሦስት ዓምዶች አንድ አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ታቡላ ላይ ሠንጠረዡን በመዳፊት ስትመርጡ ርዕሱንና ራስጌውን ትታችሁ ከመጀመሪያው ቁጥር ረድፍ ብትጀምሩ ብዙው መጣበቅ በዚያው ይቀራል። የራስጌውን ጽሑፍ በእጅ መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው።

ተጣብቆ የመጣ ቁጥርን መለየት አንዳንዴ ቀላል ነው። «42,05042,160» ከሆነ፣ ከኮማ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሚመጣ መቁረጫው ግልጽ ነው። «9501,204» ግን 950 እና 1,204፣ ወይም 9 እና 501,204 ሊሆን ይችላል። በድምር ዓምዱ 2,154 ካለ የመጀመሪያው ነው። ድምሩም አብሮ ከተጣበቀ ወደ ገጹ መመለስ እንጂ መገመት አይገባም።

በመካነ ሰላም ላይ የሚሰነጠቀው፣ በቦረና ላይ የማይሰነጠቀው

ብዙ ሰው ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ከፒዲኤፉ ኮፒ አድርጎ ኤክሴል ላይ ፔስት ያደርጋል፣ ከዚያም በባዶ ቦታ ይከፋፍለዋል። የደቡብ ወሎ ስሞች ይህን ልማድ በደንብ ይፈትኑታል። ቦረና፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ጃማ፣ ለጋምቦ ባለ አንድ ቃል ስሞች ናቸው፤ ረድፋቸው በትክክል ይቀመጣል። ደብረ ሲና፣ መሐል ሳይንት፣ ወረ ኢሉ፣ በከተሞች ዝርዝር ደግሞ መካነ ሰላም ሁለት ቃል ናቸው፤ ሁለተኛው ቃል የድምሩን ቦታ ይይዝና ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ይህ መንሸራተት ቢያንስ ይታያል፤ በቁጥር ዓምድ ውስጥ ፊደል ገብቷልና።

ወደ ግራ የሚሄደው ግን ዝም ያለ ነው። የቆጠራ ሠንጠረዥ ዘጠኝ የቁጥር ዓምድ አለው እንበል፦ ለከተማና ገጠር በአንድነት ድምር፣ ወንድ፣ ሴት፤ ለከተማ ሦስት፤ ለገጠር ሦስት። ኤክሴል ላይ ስሙ በ`A`፣ ቁጥሮቹ ከ`B` እስከ `J` ይቀመጣሉ። አሁን ከተማ ያልተመዘገበበት አንድ ወረዳ እናስብ፤ ጠቅላላ ሕዝቡ 84,210፣ ወንድ 42,050፣ ሴት 42,160። የከተማ ሦስት ሳጥኖቹ በገጹ ላይ ባዶ ናቸው። ባዶ ሳጥን በፒዲኤፍ ውስጥ ምንም ትእዛዝ የለውም፤ ስለዚህ ኮፒ ሲደረግ የሚመጡት ስድስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የገጠሩ ሦስት ቁጥሮች በከተማ ዓምዶች ሥር ይሰፍራሉ፣ `H`፣ `I` እና `J` ባዶ ይቀራሉ።

ጠንቃቃ ባለሙያ እዚህ ሁለት ቀመር ይጽፋል፤ ወንድና ሴት ድምሩን፣ ከተማና ገጠር ጠቅላላውን መስጠታቸውን የሚያረጋግጡ።

```
=B5-C5-D5
=B5-E5-H5
```

ሁለቱም ዜሮ ይመልሳሉ። 84,210 ከ42,050 እና 42,160 ጋር ይስማማል። ከተማ 84,210፣ ገጠር ባዶ ቢሆንም ድምሩ ያው 84,210 ነው። አንድም ቀይ ምልክት ሳይታይ ሙሉ በሙሉ ገጠር የነበረ ወረዳ ሙሉ በሙሉ ከተማ ሆነ። የረድፍ ድምር መመርመሪያ ብቻውን በቂ ነው የሚለው አቋም የሚወድቀው እዚህ ነው።

ስህተቱን የሚይዘው ወደ ታች መደመር ነው። የደቡብ ወሎ የከተማ ነዋሪ በቆጠራው 301,638 ነበር፤ ገጠሩ 2,217,224 ይሆናል ማለት ነው። ከላይ ያለው ረድፍ ተንሸራቶ ከሆነ የ`E` ዓምድ ድምር 385,848፣ የ`H` ደግሞ 2,133,014 ይመጣል። አንዱ በ84,210 በልጧል፣ ሌላው በዚያው ልክ ጎድሏል። ልዩነቱ የወረዳው ሕዝብ ቁጥር ስለሆነ የተንሸራተተውን ረድፍ ራሱ ይጠቁማል፤ 84,210ን በ`B` ዓምድ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ረድፎች አብረው ከተንሸራተቱ ልዩነቱ የእነሱ ድምር ስለሚሆን ፍለጋው ይከብዳል፤ በዚህ ጊዜ `H` ባዶ የሆነባቸውን ረድፎች በማጣሪያ ለይቶ ማየት ያቃልላል።

ወሰኑን ሰው ሲያሰምር

ሦስተኛው አቋም «ሶፍትዌሩ ለምን ይገምታል? ዓምዱ የት እንደሆነ ለዓይን ግልጽ ነውና እኛ እንንገረው» ይላል። በእኔ ሚዛን አንድ ጥራዝ በብዙ ገጽ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ሲደጋግም ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። በታቡላ የትእዛዝ መስመር እንዲህ ይጻፋል፦

```
java -jar tabula.jar -t -p 21 \
 -a 150,40,780,560 \
 -c 124,160,196,232,268,304,340,376,412 \
 amhara.pdf -o p21.csv
```

`-p` የገጹ ቁጥር ነው። `-a` የሠንጠረዡ አካል ከላይ፣ ከግራ፣ ከታችና ከቀኝ የት እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ራስጌው ውጭ ቀርቷል። በ`-c` የተጻፉት ዘጠኝ ቁጥሮች አሥሩን ዓምዶች የሚለዩ ወሰኖች ናቸው። ወሰኑን በሁለት ዓምዶች መሐል ለመሐል ማስመር ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ በቀኝ የተሰለፈ ቁጥር ግን ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ ስለማያድግ ትክክለኛው ቦታ ከግራው ዓምድ ቀኝ ጠርዝ ቀጥሎ ነው። በምሳሌያችን የወንዶች ዓምድ 194.4 ላይ ያልቃል፣ ትልቁ የሴቶች ቁጥር 198.4 ላይ ይጀምራል፤ ወሰኑ 196 የሆነው ለዚህ ነው። መሐል ቢሰመር ኖሮ አጫጭሮቹ ረድፎች ይድኑና የዞኑ ድምር ይቆረጥ ነበር።

ወሰኑ ከተሰመረ በኋላ ባዶ ሳጥን ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ መካነ ሰላምም ሁለቱ ቃላት ተያይዘው በስም ዓምድ ይቀመጣሉ። ይህ ዘዴ አንድ ሌላ የተደበቀ ችግርም ይፈታል። በክፍተት የሚገምት ሶፍትዌር እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ያያል። በአንድ ገጽ ላይ ያሉት ረድፎች ሁሉ የከተማ ቁጥር ከሌላቸው ሶፍትዌሩ የከተማ ዓምዶች መኖራቸውን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። 21ኛው ገጽ አሥር ዓምድ፣ 22ኛው ሰባት ዓምድ ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ሥር ሲለጠፉ ሙሉ ገጽ ይንሸራተታል። ገጾችን ከማያያዝ በፊት የእያንዳንዱን ገጽ የዓምድ ብዛት መቁጠር ይህን ያጋልጣል።

ገደቡም አለ። በጥራዙ ውስጥ የግራና የቀኝ ገጽ ኅዳግ የተለያየ ከሆነ በአንዱ የተለካው ወሰን በሌላው አይሠራም፤ ለሁለቱ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ቀረብ ያለው መንገድ `pdftotext -layout` ያወጣውን ጽሑፍ ኤክሴል ውስጥ በ`Text to Columns` ከፍቶ `Delimited` ሳይሆን `Fixed width` መምረጥ ነው። ያም ወሰንን በእጅ ማስመር ነው፤ የሚለካው ግን በነጥብ ሳይሆን በፊደል ቁጥር ስለሆነ ይበልጥ ሻካራ ነው።

ከምንጩ ይስተካከል የሚሉ፣ ከምስል ይነበብ የሚሉ

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚከራከር ሌላ ወገን አለ፤ ሠንጠረዡ መጀመሪያ የተሠራው በኮምፒውተር ነውና ያው ፋይል ይለቀቅ ይላል። የድረ ገጽ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረበው የክፍት መረጃ ደረጃ አሰጣጥ ፒዲኤፍ አንድ ኮከብ፣ ኤክሴል ሁለት፣ ሲኤስቪ ሦስት ያገኛሉ። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ግን ታትሞ ያለቀውን ጥራዝ አይመልስም። በዓለም አቀፉ የአይፐምስ መዝገብ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም ቆጠራዎች የግለሰብ መረጃ አለ ቢባልም እሱ ናሙና ነው፤ የእያንዳንዱን ወረዳ ሙሉ ቆጠራ አይተካም።

ገጹን እንደ ምስል አይተው ዓምድን የሚለዩ፣ ከብዙ ምሳሌ የተማሩ ፕሮግራሞችም መጥተዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው የማሠልጠኛ ክምችት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሠንጠረዦች አሉት፤ የተሰበሰቡት ግን ከሳይንስ መጽሔት ጽሑፎች ነው። በእነዚያ ላይ የተገኘ ውጤት ጥቅጥቅ ብሎ ለታተመ የቆጠራ ገጽ ማስረጃ ይሆናል ወይ የሚለው በራሱ ገጽ ላይ ካልተፈተነ አይታወቅም። ለማንኛውም የድምር መመርመሪያው ለእነሱም ያው ነው።

ድምር የማይይዘው

ሁለት ስህተቶች በረድፍም በዓምድም ድምር ያልፋሉ። አንደኛው የወንድና የሴት ራስጌ መለዋወጥ ነው፤ አንዱ ቆጠራ ወንድን አስቀድሞ ሌላው ሴትን ቢያስቀድም፣ ራስጌውን በእጅ የጻፈ ሰው ካላስተዋለ ምንም ቀመር አይነግረውም። ለደቡብ ወሎ በአጠቃላይ ሴቶች በ21,466 ስለሚበልጡ የዞኑን ረድፍ ማየት ይህን ይፈታል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ስሞች ከቁጥሮች አንጻር አንድ ረድፍ ወደ ታች ሲወርዱ። ረጅም ስም በሁለት መስመር ሲታተም ሶፍትዌሩ ሁለት ረድፍ ያደርገዋል፤ ያንን ለማስተካከል ባዶ ሴል የሚሰርዝ ሰው ስሙን ከቁጥሩ ሊያለያይ ይችላል። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ሁሉ በትክክለኛ ዓምዳቸው ናቸው፣ ድምሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ፣ የወረዳው ስም ብቻ የሌላ ነው። የሚረዳው መልኩ ከሌሎቹ የሚለይ ረድፍ መያዝ ነው። ደሴ በዚያ ቆጠራ 151,174 ሕዝብ፣ ከእሱም 120,095 የከተማ ነዋሪ ነበረው፤ ኮምቦልቻ 85,367፣ ከእሱም 58,667 የከተማ። 120,095 ከደሴ ጎን ካልተገኘ ስሞቹ ተንቀሳቅሰዋል።

ይህ መያዣ ግን የሚሠራው በዞኑ ምሥራቅ በኩል ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ደብረ ሲና፣ ከላላና መሐል ሳይንት በአብዛኛው ገጠር ሆነው ትንሽ ትንሽ ከተማ ያላቸው ወረዳዎች ስለሆኑ፣ የአንዱ ቁጥር በሌላው ስም ጎን ቢቀመጥ የሚያጋልጥ ነገር የለም። ከላይ ያሉት ረድፎች በደሴ ተፈትሸው፣ ከዚያ በታች አንድ ስም ሁለት መስመር ይዞ ከነበረ የምዕራቡ ወረዳዎች ብቻ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ለእነዚህ እስካሁን የተገኘው መንገድ ፒዲኤፉን ከጎን ከፍቶ፣ የእያንዳንዱን ወረዳ ስምና የመጀመሪያ ቁጥር ጣትን እያስቀመጡ ማስተያየት ነው።